ከፓሪስ ቱሉዝ በሌሊት ባቡር፦ እቅዱን ከጠዋቱ መጀመር

የሌሊት ባቡር ጉዞ ሲታሰብ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው የቲኬቱን ዋጋና የመነሻውን ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ መታየት ያለበት ባቡሩ የሚደርስበት ሰዓት ነው ባይ ነኝ። ስንት ሰዓት እንደምደርስ፣ በዚያ ሰዓት ምን ክፍት እንደሆነና ቀጠሮዬ መቼ እንደሆነ ካወቅሁ፣ ወንበር ልያዝ ወይስ አልጋ የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስቸግረኝም።

የፓሪስ–ቱሉዝን መስመር ልውሰድ። ባቡሩ ከፓሪስ አውስተርሊትዝ ጣቢያ 22 ሰዓት አካባቢ ይነሳና ቱሉዝ ማታቢዮ 6፡30 ገደማ ይገባል (ሰዓቱን ሁሉ ቲኬቱ ላይ እንደሚታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ደቂቃው ከቀን ቀን ይለያያል፤ ሐዲዱ የሚጠገነው በሌሊት ስለሆነ ባቡሩ ጭራሽ የማይሄድባቸው ሌሊቶችም አሉ። ስለዚህ የአንዱን ሳምንት ሰዓት አይቶ ለሌላው ማቀድ አይሆንም፤ የሚታየው የዚያችው ቀን ሰሌዳ ነው።

አሁን ጠዋቱን እንየው። እኛ 6፡30 ሲባል ጎሕ ቀዶ፣ ሰው ወጥቶ፣ ሻይ ቤት ተከፍቶ ነው የሚታየን። ቱሉዝ ላይ ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከ8፡10 በኋላ ነው፤ ከባቡር የምትወርዱት በድቅድቅ ጨለማ ነው ማለት ነው። በሰኔ ደግሞ ፀሐይ 6፡15 አካባቢ ስለምትወጣ ያው ባቡር ብርሃን ላይ ያወርዳችኋል። የከተማው ሜትሮ 5፡15 ላይ ሥራ ስለሚጀምር መሄጃ አይታጣም። የኤ መስመር ማሬንጎ የሚባለው ፌርማታ ጣቢያው ጎን ነው። ችግሩ እስከ ቀጠሮው የሚቆዩበት ቦታ ላይ ነው። ሆቴሎች ክፍል የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሻንጣ ግን ብዙዎቹ በጠዋትም ይቀበላሉ። ስለዚህ ቀደም ብሎ ለሆቴሉ ጽፎ «6፡45 ላይ ሻንጣ ብቻ አስቀምጬ እወጣለሁ፣ የሚቀበለኝ ሰው ይኖራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሌሊቱን በሩ የሚዘጋ ትንሽ ሆቴል ከሆነ መልሱ «የለም» ሊሆን ይችላል፤ ይህን በጨለማው በር ላይ ቆሞ ከመስማት ከሳምንት በፊት መስማት ይሻላል።

ወደ ዋናው ምርጫ ልምጣ። በዚህ መስመር ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወደኋላ የሚዘነበል ወንበርና ኩሼት የሚሉት ተደራራቢ አልጋ። በሁለተኛ ማዕረግ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት አልጋ አለ፣ በግራ ሦስት በቀኝ ሦስት። በአንደኛ ማዕረግ አራት ነው። ቀድሞ ለገዛ ሰው ወንበሩ ከ19 ዩሮ፣ አልጋው ከ29 ዩሮ ይጀምራል፤ ቀኑ ሲቀርብ ሁለቱም ይወደዳሉ።

የአሥር ዩሮው ልዩነት ምን እንደሚገዛ ላስላው። ባቡሩ ተነስቶ፣ ቲኬት ታይቶ፣ ሰው እስኪረጋጋ 23 ሰዓት ይሆናል። ጠዋት 5፡45 ላይ መንቃት ያስፈልጋል። በመሃል ያለው ከሰባት ሰዓት ያነሰ ነው። አልጋ ላይ ከዚህ አምስት ወይም ስድስቱን መተኛት ይቻላል። ወንበሩ ግን ቢዘነበልም አይዘረጋም። እግር ወደ ታች ተንጠልጥሎ ያብጣል፣ አንገት ይወድቃል፣ መተላለፊያው ክፍት ስለሆነ ሰው ባለፈ ቁጥር ዓይን ይገለጣል። በዚያ ላይ ወንበር ያለበት ፉርጎ የሚቆለፍ በር የለውም። ጠዋት 9 ሰዓት ላይ ቃለ መጠይቅ ወይም የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ላለበት ሰው ወንበሩ ርካሽ ነው ብዬ አልመክርም። ደርሶ የሚተኛበት የዘመድ ቤት ላለው ግን ወንበር በቂ ነው።

አልጋም ሁሉ አንድ አይደለም። የታችኛው ለመውጣትና ለመውረድ ይመቻል፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናትና አባት የሚያዘው እሱ ነው። ነገር ግን ሰው እስኪተኛ ድረስ ሁሉም የሚቀመጠው እዚያው ላይ ነው፣ ሌሊትም የሚወጣ የሚገባው አጠገብ ያልፋል። የላይኛው ይሞቃል፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥም አይቻልም፤ ሆኖም ማንም ሰው ሳይወጣ የማይደርስበት ቦታ ነው፣ ከኮሪደሩ ጣሪያ በላይ ያለው የሻንጣ ማስቀመጫም ከእሱ ትይዩ ነው። እኔ የምይዘው የላይኛውን ነው። መካከለኛውን የምወስደው ሌላ ሲታጣ ብቻ ነው። ብቻዋን የምትሄድ ሴት ቲኬት ስትቆርጥ ለሴቶች ብቻ የተለየውን ክፍል መጠየቅ ትችላለች።

ዕቃን በተመለከተ ያለኝ ደንብ፣ ሁለት ቦታ ከፋፍሎ መያዝ ነው። ሻንጣው ላይ ስም መጻፍ ግዴታ ነው፤ እሱ ከላይ ወይም ከታችኛው አልጋ ሥር ይገባል። ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ገንዘብ፣ ስልክና መድኃኒት ግን በትንሽ የወገብ ቦርሳ ሆነው ከብርድ ልብሱ ውስጥ ከእኔ ጋር ያድራሉ። ትራስ ሥር አይደለም፤ እንቅልፍ ሲመጣ ትራስ ይንሸራተታል። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ሶኬት ላይ ተሰክቶ የተተወ ስልክ ነው፤ ስለዚህ ስልኩን የምሞላው ከተሸፈንኩ በኋላ በፓወር ባንክ ነው። የክፍሉ በር ከውስጥ ሁለት መዝጊያ አለው፦ ቁልፉና ከጥቂት ሴንቲሜትር በላይ እንዳይከፈት የሚይዘው መቀርቀሪያ። ቁልፉን ሠራተኞች ከውጭ መክፈት ይችላሉ፣ መቀርቀሪያውን ግን አይችሉም። ስለዚህ ከመተኛት በፊት «ሁለቱም ተዘግቷል ወይ?» ብሎ የክፍሉን ሰዎች መጠየቅ ነውር የለውም። ሽንት ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው መቀርቀሪያውን ሳይመልስ መተኛቱ የተለመደ ነው። ሽንት ቤት ስሄድ ደግሞ የወገብ ቦርሳው አብሮኝ ይሄዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያስብም። ከፓሪስ አብረው የተነሱ ፉርጎዎች ሁሉ ቱሉዝ ላይገቡ ይችላሉ፤ ብሪቭ ላይ በሌሊት ተለያይተው ከፊሎቹ ወደ ሮዴዝ የሚሄዱበት ጊዜ አለ። ወደ ጓደኛው ፉርጎ ሄዶ ወሬ ይዞ እዚያው እንቅልፍ የጣለው ሰው ሌላ ከተማ ይነቃል፣ ሻንጣው ደግሞ ቱሉዝ ይገባል። ስትሳፈሩ የፉርጎውን ቁጥርና በሩ ላይ የተጻፈውን መድረሻ አስተያዩ፣ ለመኝታም ወደዚያው ተመለሱ። የባቡሩ በር ከመነሻው 2 ደቂቃ በፊት ስለሚዘጋና ባቡሩ ረጅም ስለሆነ፣ ጣቢያ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል።

ለጠዋቱ ማንቂያውን 45 ደቂቃ ቀድሜ በንዝረት እሞላለሁ። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ሽንት ቤቱ ላይ ሰልፍ ይጠብቃል። የጠዋት ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽና ካፖርት ማታውኑ በአንድ ፌስታል ከላይ ይቀመጣሉ፤ ስድስት ሰው በተኛበት ጨለማ ሻንጣ መበርበር ጎረቤትን ከመቀስቀስ በቀር ምንም አይጠቅምም። ባቡሩ በጥገና ምክንያት አንድ ሰዓት ሊዘገይ ስለሚችል፣ የ9 ሰዓት ቀጠሮ ይቻላል፣ የ7፡15 ተቀጣጣይ ባቡር ግን አይያዝም። ቀጠሮው ከ8 ሰዓት በፊት ከሆነ በዋዜማው በቀን ባቡር ሄዶ እዚያው ማደር ነው።