የላይኛው ፎቅ የጥግ ኮለን ለምን አላለፈም

ባለፈው አንድ ጂ+4 ሕንፃ ላይ የጥግ ኮለን ቼክ ሳደርግ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ኮለኑ 40 በ40 ነው፣ ኮንክሪቱ ሲ25/30፣ ፌሮው 500 ሜጋፓስካል፣ 8 ባለ 20 ፌሮ በየጎኑ 3 3 ሆኖ ይታያል፣ በስታፋ የታሰረ፣ ከጠርዙ እስከ ፌሮው መሃል 5 ሳንቲም። የጥግ ኮለን ስለሆነ ቢሞቹ ከሁለት አቅጣጫ ይመጡና ሞመንቱ በሁለቱም በኩል ነው። ሕንፃው ሺር ዎል አለው፣ ስሌንደርነሱን አይቼ ሾርት መሆኑን አረጋግጫለሁ፣ እሱ ላይ ችግር የለም።

እንደ ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያየሁት ምድር ቤቱን ነው፣ ሸክሙ ከባድ ስለሆነ ማለት ነው። እዛ 1200 ኪሎኒውተን አለ፣ ሞመንቱ በአንዱ በኩል 105 በሌላው 80 ኪሎኒውተን ሜትር። ኢንተራክሽን ዲያግራሙ ላይ 1200 ላይ አግድም ስሄድ የሞመንት አቅሙ 224 ገደማ ይሰጣል፣ ካሬ ስለሆነና ፌሮውም እኩል ስለተደረደረ ለሁለቱም አቅጣጫ ያው ነው። ከዛ ዩሮኮድን ተከትሎ የወጣው የፈረንጆቹ 2015 ኮዳችን ላይ ያለችውን የባያክሲያል ፎርሙላ ገባሁ፦

```
(My/MRy)^a + (Mz/MRz)^a <= 1
```

`a` የሚወሰነው ሸክሙ ከኮለኑ ንጹህ የአክሲያል አቅም ምን ያህሉ ነው በሚለው ነው። ይሄ ኮለን ያለ ሞመንት 3360 ኪሎኒውተን ይችላል፣ 1200 ማለት 0.36 ነው፣ ስለዚህ `a` 1.21 ይሆናል። ውጤቱ 0.69፣ በደንብ አለፈ። እንግዲህ ታች ካለፈ ላይማ ሸክሙ ስለሚቀንስ ያልፋል ብዬ ያንኑ ፌሮ እስከ ላይ ልቀጥለው ነበር።

ደግነቱ ሲኒየራችን ድሮዊንጉን አይታ «የመጨረሻውን ፎቅ አየኸው?» አለችኝ፣ አላየሁትም ነበር። ተመልሼ ሳይ እዛ ሸክሙ 240 ብቻ ነው፣ ሞመንቱ ግን 120 እና 95፣ ከላይ ሌላ ኮለን ስለሌለ የቢሙን ሞመንት የሚጋራው የለም፣ ሁሉንም እሱ ብቻውን ነው የሚይዘው።

ቻርት ከማንበብ ነጥቧን በእጄ ልሥራት ብዬ ኒውትራል አክሲሱን እየሞከርኩ ሄድኩ፣ የሚጨመቀው ጠርዝ ላይ ስትሬኑን 0.0035 አድርጌ ማለት ነው። 119 ሚሊሜትር ላይ ገጠመልኝ። ኮንክሪቱ 540 ይጨመቃል፣ በሱ በኩል ያሉት 3 ፌሮዎች 383፣ መሃል ያሉት 2ቱ በመሳብ 273፣ ማዶ ያሉት 3ቱ ደግሞ በመሳብ 410፣ ሲደመርና ሲቀነስ ልክ 240። ሞመንቱን ከመሃል ስይዘው 201 መጣ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ፣ የሚሳቡት 5ቱም ፌሮዎች ዪልድ አድርገዋል፣ ይሄ ኮለን ከኮለን ይልቅ ወደ ቢም ነው የሚቀርበው። ዲያግራሙን ብታዩት ሆዱ የሚወጣው ባላንስድ ነጥቡ ጋ ነው፣ ለዚህ ኮለን 1010 ኪሎኒውተን አካባቢ ላይ 234 ይደርሳል፣ ከዛ በታች ግን ሸክም በቀነሰ ቁጥር የሞመንት አቅሙም አብሮ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም መሰንጠቁን የሚያፍነው ጭነት የለም።

ቅጣቱ ደግሞ ድርብ ነው። 240 ለ3360 0.07 ነው፣ ኮዱ ከ0.1 በታች `a`ን 1.0 ያደርገዋል፣ ስለዚህ ዝም ብሎ መደመር ነው፣ 120 ለ201 0.60፣ 95 ለ201 0.47፣ ድምሩ 1.07። አንድ አንዱን አቅጣጫ ለየብቻ ብታዩት ግማሽ አቅሙን ገደማ ነው የተጠቀመው፣ ዲያግራሙ ውስጥ ሁለቱም ነጥቦች ገብተው ይታያሉ፣ አንድ ላይ ግን አያልፍም። ፎርሙላው ጠንቃቃ ነው፣ አክሲሱን እያዞርኩ ሙሉውን ሰርፌስ ብሠራው ትንሽ ይሻሻል ይሆናል፣ ግን ለ4 ኮለን ጫፍ ብዬ በዛ ላይ ልደገፍ አልፈለግኩም።

መፍትሄው ቀላል ሆነ። መጀመሪያ 8ቱንም ባለ 24 ላድርግ አልኩና 0.82 መጣ፣ ግን ለባያክሲያል ዋናው ሥራ የጥግ ፌሮ ነው፣ ከሁለቱም አክሲስ እኩል ስለሚርቅ ለሁለቱም ሞመንት ይሠራል፣ መሃል ያለው ግን ለአንዱ አቅጣጫ ከሠራ ለሌላው መሃል መስመሩ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ 4ቱን የጥግ ብቻ ባለ 24 አድርጌ የመሃሎቹን ባለ 20 ተውኳቸው፣ አቅሙ 237 ሆነ፣ ድምሩ 0.91።

አሁን የጥግ ኮለን ሲመጣ ከላይኛው ፎቅ ነው የምጀምረው፣ ሎድ ኮምቢኔሽኖቹ ውስጥም ትልቁን ሸክም ብቻ ሳይሆን ትንሹን ሸክም ከነሞመንቱ ለብቻው አውጥቼ ዲያግራሙ ላይ አስቀምጠዋለሁ።