የሰዓታችሁን የቆዳ ማሰሪያ ቅባት አታጠጡት

ቆዳም፣ ብረትም፣ ጎማም ማሰሪያ አስሬ አውቃለሁ። ብረቱና ጎማው ብዙ አላስቸገሩኝም። ያንገበገበኝ ቆዳው ነው። መበላሸቱ ብቻ ቢሆን እረሳው ነበር፤ ያበላሸው ግን «እንክብካቤ» ተብሎ የተሸጠልኝ ነገር ነው።

እጄ በጣም ያልበዋል። ማሰሪያው ቡናማ፣ ወፈር ያለ፣ ስፌቱ ያማረ ነበር። ሙቀት ሲበረታ ከውስጥ በኩል፣ ገበሩ ላይ፣ ነጫጭ መስመር ያወጣ ጀመር። ቀጥሎ ሽታ መጣ። ሰዓቱን ወደሸጠልኝ ሰው ወሰድኩት። አገላብጦ እንኳን ሳያየው «ደርቆ ነው፤ በየሳምንቱ ከውስጥም ከውጭም ቅባው» አለኝና አንድ ብልቃጥ የቆዳ ዘይት ጨምሮ ሸጠልኝ።

ነጩ ነገር ድርቀት አልነበረም። ጨው ነው። የላቡ ውሃ ሲተን ጨው ገበሩ ላይ ይቀራል፣ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ ስለዚህ ማሰሪያው አደረ ብላችሁ ጠዋት ስታስሩት ውስጡ ገና ወዝ አለው፤ ሽታውን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች የሚፈልጉትም ይኼንኑ ነው። አሁን አስቡት፦ ዘይት ጨው አያሟሟም። እኔ በየሳምንቱ የማደርገው ጨውና ቆሻሻ ላይ ዘይት ደርቦ መክደን ነበር።

መጀመሪያ ላይ ደግሞ ያምራል፤ የሚያታልለው ይሄ ነው። ቀለሙ ጠቆር ብሎ ወዝ አወጣ፣ እኔም ሰውየውን አመሰገንኩት። ከዚያ ዘወትር የማስርበት ቀዳዳ እየሰፋ ሞላላ ሆነ። ቆዳው ለስላሳ ሳይሆን ልፍስፍስ አለ። ቀጥሎ የጠርዙ ቀለም ተላጠ፣ በመጨረሻም ዘለበቱ ጋ፣ በየቀኑ የሚታጠፈው ቦታ ላይ፣ የላይኛው ቆዳና ገበሩ ተለያዩ። ሽታው ከበፊቱ ባሰ እንጂ አልቀነሰም።

ሲሞት በምላጭ ከፈትኩት። ወፈር ያለ የቆዳ ማሰሪያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወጥ ቆዳ አይደለም። ላይና ታች ስስ ቆዳ አለው፣ መሃል ላይ መሙያ አለ፣ ሁሉም በኮላ ተጣብቆ ዙሪያውን ይሰፋል። የኔው መሙያ ጠቁሮ ረጥቦ ነበር። ኮላው በጣት ሲነኩት ይላቀቃል። ቆዳ ሲለፋ የሚበቃውን ያህል ቅባት አብሮ ይገባለታል፤ ከዚያ በላይ የምንጨምረው የቆዳውን ቃጫ ያላላዋል፣ አልፎም ኮላው ውስጥ ይገባል።

ይዤው ተመለስኩ። ሰውየው አየት አድርጎ «ውሃ አስነክተኸዋል» አለኝ። ላብ ውሃ ካልሆነ በቀር ምንም አላስነካሁትም። ዘይቱን ሳነሳበት «አበዛኸው» አለ። በየሳምንቱ ያለው ማን ሆነና! አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ለሚቀጥለው ማሰሪያ የማደርገው ከሱ ምክር የተገላቢጦሽ ነው። ማታ ሳወልቀው ገበሩን በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ዘለበቱን ሳልቆልፍ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ዘርግቼ አሳድረዋለሁ። ከቻልኩ በማግስቱ ሌላ አስራለሁ፤ ቆዳን ከቅባት ሁሉ በላይ የሚያቆየው አንድ ቀን ማረፉ ነው። የሚያልበኝ ሰሞን ሲሆን ደግሞ በሳምንት አንዴ ጨርቅ በንጹህ ውሃ ነክሬ፣ አጥብቄ ጨምቄ፣ ገበሩን ብቻ እወለውለዋለሁ። ከማሰሪያው ጋር የመጣው ወረቀት «ውሃ ፈጽሞ አይንካው» ይላል። እኔ አልሰማውም። ጨውን የሚያነሳው ውሃ ነው፣ በደረቅ ጨርቅ ብትፈትጉት ወደ ውስጥ ነው የምትገፉት። ጨርቁ ግን ማንጠባጠብ የለበትም፤ ገበሩ ላይ የወጣው እርጥበት በጥቂት ደቂቃ ካልጠፋ አብዝታችኋል ማለት ነው። ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሳኒታይዘር አላስጠጋም። ቆዳ በባህሪው ትንሽ አሲድነት አለው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይህን ያዛቡበታል። ሳኒታይዘሩ ደግሞ በአልኮሉ የላይኛውን ቀለም ያነሳል።

ለቆዳ ዕቃ የተሠራ ክሬም በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ በጨርቅ፣ ውጪውን ብቻ። አድሮ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ማሰሪያውን ስታጥፉት ላዩ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ከታየና ቀለሙ ከደበዘዘ ጊዜው ደርሷል። ስታጥፉት ጠቆር ብሎ ጣት ላይ ወዝ ከተወ ግን ቢያንስ ለወራት ክሬም አታሳዩት። ሻካራ፣ ፀጉራም ፊት ያለው ቆዳ ከሆነ ጭራሽ ክሬም አይቀባም፤ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ነው።

ዝናብ አበስብሶት ከሆነ ጨርቅ ላይ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውሃውን አስመጥጡና ክፍል ውስጥ ዘርግታችሁ ተዉት፣ አንድ ሁለት ቀን ይፍጅ። ፀሐይና የፀጉር ማድረቂያ አይሆንም፤ እርጥብ ቆዳ ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተርና እንጨት ይሆናል። የሰዓቱ ጀርባ ላይ «50 ሜትር» የሚለውን አይታችሁም አትዘናጉ፣ የሚያወራው ስለ ሰዓቱ አካል እንጂ ስለ ማሰሪያው አይደለም።

ብረቱ ቀላል ነው። ከሰዓቱ ይፈታል፣ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይነከራል፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ መጋጠሚያዎቹ መሃል ይፈተጋል፣ በደንብ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። መፍታት ካልቻላችሁ በሰዓቱ ጎን ያለው መሙያ ቁልፍ በደንብ መዘጋቱን እዩ፣ ሙቅ ውሃም አትጠቀሙ፣ ውሃ የሚከለክለውን ጎማ ይጎዳዋል። በረኪና በፍጹም፤ «አይዝግም» የሚባለውን ብረት እንኳን ይበላዋል። ከባሕር ስትወጡ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። በመጋጠሚያው መሃል የሚጠራቀመው ጥቁር ነገር ላብ፣ የሞተ ቆዳና አቧራ ነው፣ ዝም ካላችሁት ብረቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። ማሰሪያውን በጎኑ ያዙትና ወደ ታች ከተንጠለጠለ ፒኖቹና ቀዳዳዎቹ ተበልተዋል፣ ማጠብ አይመልሰውም።

ጎማም በሳሙናና በውሃ ነው፣ ግን ከሥሩ ሳሙና እንዳይቀር። ብዙ ሰው «ጎማ አይስማማኝም» የሚለው እዚያው ተዘግቶ የሚውለው ላብና ሳሙና አሳክኮት ነው። ሽቶ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬምና የትንኝ መከላከያ መጀመሪያ ቆዳችሁ ላይ ይድረቁ፣ ከዚያ ሰዓቱ ይታሰር። የተፈጥሮ ጎማ ፀሐይ ላይ ሲከርም ይሰነጣጠቃል፤ ሲሊኮን ደግሞ አቧራ ይሰበስባል፣ የሚቀደደውም አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው ጋ ነው።

ለሦስቱም አንድ ነገር ልጨምር። ማሰሪያውን ከሰዓቱ ጋር የሚያያይዘው ሞላ ያለው ቀጭን ፒን ከሁሉም ቀድሞ ይዝጋል፣ ሰዓቱንም መሬት ላይ የሚጥለው እሱ ነው። ጫፉን በጣት ስትጫኑት ቶሎ ካልተመለሰ ወይም ቡናማ ነገር ካወጣ ይቀየር። እኔ ማሰሪያ ስቀይር ፒኑንም እቀይራለሁ፤ «አሮጌው ይሠራል» የሚለኝ ካለ ክርክር አልገጥምም፣ አዲስ ፒን ይዤ ነው የምሄደው።