«ብርዎ ትንሽ ጉብኝት ወጥቷል» የምትለዋ መልእክት

የምሠራው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለች ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው፣ ሥራችን ለድርጅቶች ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው፣ አፕ ላይ የሚወጣውን፣ በኤስኤምኤስ የሚላከውን፣ ቁልፍ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ። ከደንበኞቻችን አንዱ የአውቶቡስ ቲኬት በስልክ የሚሸጥ ድርጅት ነው፣ ስሙ ይቆይ። እነዚህ ሰዎች የአጻጻፍ መመሪያ አላቸው፣ ቮይስ ጋይድ የሚባለው፣ እና ዋናዋ መስመር «ተጫዋች ግን የምንታመን ነን» ትላለች። ከሥሯ ደግሞ «እንደ ቅርብ ጓደኛ እናወራለን፣ ደረቅ የቢሮ ቋንቋ አንጠቀምም» ይላል። በቃ ይሄው ነው፣ አንድም ምሳሌ የለውም።

የድሮ መልእክቶቻቸውን በዚህ መመሪያ ልክ እንድንጽፋቸው ሰጡን። አንዱ ክፍያ ተቆርጦ ቲኬቱ ሳይወጣ ሲቀር የሚላከው ነው፣ ኔትወርክ ሲያስቸግር በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር። ድሮ እንዲህ ይል ነበር፦

«የክፍያ ሂደትዎ በተሳካ ሁኔታ አልተጠናቀቀም። እባክዎ ቆይተው እንደገና ይሞክሩ።»

አንዱ የቢሯችን ልጅ፣ በጣም ጎበዝ ጸሐፊ ነው፣ እንዲህ አደረጋት፦

«ወይኔ! ብርዎ ትንሽ ጉብኝት ወጥቷል 😄 የፋሲልን ግንብ አይቶ ይመለሳል!»

ቢሮ ውስጥ ሁላችንም ወደድናት፣ እውነት ለመናገር እንደ ጽሑፍ ቆንጆ ናት። ድርጅቱም ወደዳትና ወጣች። ከዚያ የጥምቀት ሰሞን መጣ፣ ጎንደር በጥምቀት ሰሞን ምን እንደምትመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፣ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል፣ ቲኬቱ ይጣደፋል፣ ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ እና ያቺ መልእክት በጣም ለብዙ ሰው ደረሰች።

የድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ላይ የምትሠራ ልጅ ናት ስልኮቹን ቁጭ ብላ ያዳመጠችው። አንዲት ከአዘዞ የደወሉ እናት ያሉትን ነግራናለች፦ «ልጄ፣ ብሬን ወስዳችሁ ደግሞ ትስቁብኛላችሁ እንዴ? ልጄ ጋ ለመሄድ እኮ ነው የቆጠብኳት»። እሷም «እማማ፣ ይመለሳል፣ አይጨነቁ» ትላለች፣ እሳቸው «መቼ?» ይላሉ፣ መልእክቱ ላይ መቼ የሚል ነገር የለማ። ሌሎቹ ደግሞ ዝም ብለው ሁለተኛ ከፈሉ። ቲኬት ሊያልቅባቸው ነው፣ መልእክቱ አትክፈሉ አላለም፣ ምን ያድርጉ።

ድርጅቱ ወዲያው «በቃ ጨዋታው ይቅር፣ ወደ ድሮው እንመለስ» አለ። እዚህ ላይ ነው ሥራው ወደ እኔ የመጣው፣ እና የመጀመሪያው ክርክሬ የድሮውም የማይታመን ነው የሚል ነበር። «እንደገና ይሞክሩ» እኮ ይላል! ብሩ የተቆረጠበትን ሰው እንደገና ክፈል ማለት ነው። «በተሳካ ሁኔታ አልተጠናቀቀም» ሲባል ደግሞ ብሩ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም? አይታወቅም። ደረቅ ስለሆነ ብቻ የሚታመን ይመስላል እንጂ ሰውየው ማወቅ የሚፈልገውን አንዷንም አይነግረውም። ሁለቱ መልእክቶች አንዱ ኮስታራ አንዱ ሳቂታ ይሁኑ እንጂ ጉድለታቸው አንድ ነው፣ ብሩ የት እንዳለና መቼ ምን እንደሚሆን የሚል ነገር ውስጣቸው የለም።

ስለዚህ ቃላት ከመንካቴ በፊት ሲስተሙን ወደሚያውቀው ልጅ ደወልኩ። «ወንድማለም፣ ቲኬቱ ካልወጣ ብሩ ወዲያው ነው የሚመለሰው?» አልኩት። «ኧረ ወዲያው አይደለም፣ ሲስተሙ 30 ደቂቃ ድረስ ቲኬቱን ለማውጣት ይሞክራል፣ ካልሆነለት ብሩን በራሱ ይመልሳል» አለኝ። «ሰውየው በዚህ መሀል ደግሞ ቢከፍልስ?» ስለው «ሁለት ቲኬት ሊወጣለት ይችላል፣ ራስ ምታታችን እሱ ነው» አለ። ይህቺ የስልክ ጥሪ ናት መልእክቱን የጻፈችው ብል ማጋነን አይሆንም። መመሪያው ላይ «የምንታመን» የሚለው ግማሹ የቃላት ጉዳይ አይደለም፣ እውነት በ30 ደቂቃ ይመለሳል ወይ የሚለው ጉዳይ ነው፣ እሱን ደግሞ ጸሐፊ ከጭንቅላቱ አያመጣውም፣ ጠይቆ ነው የሚያገኘው።

ከዚያ ምንም ጨዋታ ሳልጨምር ፍሬውን ብቻ ጻፍኩት፦

«ክፍያዎ ደርሶናል፣ ቲኬቱ ግን ገና አልወጣም። በ30 ደቂቃ ካልወጣ 850 ብርዎ ይመለሳል። ደግመው አይክፈሉ።»

ይቺ ክፍት ቦታውና ነጥቡ ተቆጥሮ 68 ፊደል ናት። ለምን እንደምቆጥር ልንገራችሁ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው የሚይዘው፣ ካለፈ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚሄደው፣ ወጪውም የሁለት ይሆናል። ኢሞጂ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሁለት ፊደል ቦታ ይወስዳል። ዋጋው ከፍ ብሎ 1,200 ቢሆን እንኳ ነጠላ ሰረዟ ተጨምራ ልክ 70 ላይ ትቆማለች። ስለዚህ እዚህ ውስጥ ቀልድ ላስገባ ብል ወይ 30 ደቂቃውን ወይ «ደግመው አይክፈሉ»ን ማውጣት አለብኝ፣ ያንን ደግሞ የትኛውም መመሪያ አያስደርገኝም።

የድርጅቱ ኃላፊ ግን (ጋሼ ነው የምንላቸው፣ መመሪያውን ያስጻፉት እሳቸው ናቸው) «ታዲያ ተጫዋችነታችን የት ሄደ?» አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም መልእክት እንዲህ ከሆነ ድርጅቱ እንደማንኛውም ባንክ ነው የሚያወራው። የመለስኩላቸው ተጫዋችነትና ታማኝነት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እኩል እኩል መቀላቀል የለባቸውም የሚል ነው፣ ቦታ ቦታ አላቸው። ከዚያ ቲኬቱ ሲወጣ አፑ ላይ የሚመጣውን ጽሑፍ አሳየኋቸው፦

«ቲኬትዎ ወጥቷል። ወንበር 14፣ ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ከጎንደር መናኸሪያ። የእኛ ሥራ እዚህ ላይ አለቀ፣ ዳቦ ቆሎው የእርስዎ ነው።»

ሳቁ። «አሁን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በእጅዎ ሸፍነው ያንብቡት» አልኳቸው። ሸፈኑና አነበቡ፣ ምንም አልጎደለም፣ ወንበሩ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ። የጉብኝቷን መልእክት ግን ቀልዷን ብትሸፍናት ምን ይቀራል? ባዶ ነው የሚቀረው፣ ብሩ ይመለሳል የሚለው ራሱ ቀልዱ ውስጥ ነው የተቀበረው፣ ስለዚህ አንባቢው የቱ ቁም ነገር የቱ ቀልድ እንደሆነ መለየት አይችልም። አሁን ቢሯችን ውስጥ ይሄን ነው የምናደርገው፣ ቀልድ ያለበትን ዓረፍተ ነገር እንሸፍናለን፣ የቀረው ራሱን ችሎ ከቆመ ይሄዳል፣ ካልቆመ ይመለሳል።

ሌላው ጋሼ ላይ ትንሽ ጊዜ የወሰደብኝ «እንደ ጓደኛ» የሚለው ነገር ነው። እሳቸው ጓደኛ ማለት «አንተ» ማለት ነው ብለው ነበር። አፑ ግን የሚያነበው ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ የሃያ ዓመት ልጅ ይሁን የሰባ ዓመት አዛውንት አያውቅም፣ እና የአዘዞዋን እናት ከየት አምጥቶ «አንተ» ይላቸዋል። «እርስዎ» ብሎም መጫወት ይቻላል፣ የዳቦ ቆሎዋ ዓረፍተ ነገር እኮ በ«እርስዎ» ነው የተጻፈችው፣ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ሲጫወቱ አክብሮቱ አይጠፋም። በ2016 እ.ኤ.አ. ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ የሚባሉት የድረ ገጽ አጠቃቀም አጥኚዎች የጽሑፍን ቃና በአራት መለኪያ ከፍለው አውጥተዋል፣ ቀልደኛ ወይስ ቁም ነገረኛ፣ መደበኛ ወይስ ዘና ያለ፣ አክባሪ ወይስ ደፋር፣ ሞቅ ያለ ወይስ ቀዝቀዝ ያለ። ለእኛ የጠቀመን አራቱ የተለያዩ መሆናቸው ነው፣ ዘና ማለትና ሞቅ ማለት ትችላለህ፣ አክብሮቱን ግን ሳትነካው። ጋሼ ይሄን ሲያዩ ነው ነገሩ የገባቸው።

ከዚያ መመሪያው ላይ አንድ ገጽ ጨመርን፣ ድሮና አሁን እያልን ጎን ለጎን መልእክቶች አስቀመጥን፣ ጨዋታ የማይገባባቸውንም ጻፍን፦ ብር የተነካበት፣ ጉዞ የተሰረዘበት፣ መንገድ የተዘጋበት፣ የሚስጥር ቁጥር የሚላክበት። የመጨረሻው ላይ በተለይ አጥብቄ ነው የተከራከርኩት፣ ምክንያቱም አገራችን ላይ በስልክ የሚያጭበረብሩ ሰዎች አነጋገራቸው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፣ «እንኳን ደስ አለዎት! ሽልማት ደርሶዎታል» እያሉ ነው የሚጀምሩት። የሚስጥር ቁጥር የያዘ መልእክት በዚያ ሙቀት ከመጣ ሰው ወይ ይፈራዋል፣ ወይ ደግሞ የባሰው፣ እንዲህ ዓይነት አነጋገር ይለምድና አጭበርባሪው ሲመጣ የሚለይበት ያጣል። ስለዚህ እዚያ ላይ ቁጥሩ፣ ለምን እንደተላከና «ለማንም አይንገሩ» ብቻ ነው ያለው።

የጉብኝቷን መልእክት የጻፈው ልጅ ደግሞ ቀልዱን አልጣልንበትም። አፑ ላይ የተያዘ ጉዞ የሌለው ሰው «ጉዞዎቼ» የሚለውን ሲነካ ባዶ ገጽ ነበር የሚመጣለት፣ እዚያ ላይ «እስካሁን ምንም ጉዞ የለም። ፋሲል ግንብ ግን የትም አይሄድም፣ ሲመችዎ ይምጡ» ብሎ ጻፈ። እዚያ ገጽ ላይ ማንም ብር አልተቆረጠበትም፣ ማንም አልቸኮለም።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር አለ እስካሁን፣ አውቶቡሱ ሲዘገይ የሚላከው። ጋሼ «ይቅርታ» ይቅደም ይላሉ፣ እኔ አዲሱ ሰዓት ይቅደም እላለሁ፣ ምክንያቱም ሰውየው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ ስልኩን ጨለማ ውስጥ ሲከፍት ማሳወቂያው ላይ የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው፣ እዚያ ላይ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» የሚለውን ካየ ተመልሶ ይተኛል፣ ይቅርታውን ጠዋት ያነበዋል።