ሙቅ አየር እና ነፋስ ሲገፋፉ፦ በድሬዳዋ አቅራቢያ ለአንድ ትምህርት ቤት የአየር ዝውውር ስነድፍ የተማርሁት

በድሬዳዋ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት ክፍሎች ያሉት ተጨማሪ ብሎክ እንድነድፍ ስጠየቅ የተነገረኝ ነገር ግልጽ ነበር፤ መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ በቬንትሌተር መተማመን አይቻልም፤ ክፍሎቹ በራሳቸው መተንፈስ አለባቸው። በግቢው ውስጥ ቀደም ብሎ የተሠራ ብሎክ ስለነበረ ሥራውን የጀመርሁት እርሱን በመመርመር ነው። የዚያ ብሎክ ሁለት የጣሪያ ክንፎች በከፍታ ይለያያሉ፤ በመካከላቸውም ሙቅ አየር እንዲወጣ የታሰበ ረጅም ክፍት ቦታ አለ። ሐሳቡ በመርህ ደረጃ ትክክል ነው፤ የተማሪዎቹ ሰውነት ያሞቀው አየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፣ በእርሱ ምትክም ከታችኛው መስኮት ቀዝቀዝ ያለ አየር ይገባል። መምህራኑ ግን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ እንደሚያፍን ደጋግመው ይናገሩ ነበር።

ምክንያቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አላስፈለገንም። በማጨሻ ላይ ዕጣን አድርገን ከኋለኛው ወንበር አጠገብ አስቀመጥንና ጢሱን ተከተልነው። ጠዋት ነፋስ በሌለበት ሰዓት ጢሱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ በላይኛው ክፍት ቦታ በኩል ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ግን ጣሪያው ሥር ሲደርስ ይቆምና ተመልሶ በተማሪዎቹ ራስ ላይ ይዘረጋል። በላይኛው ክፍት ቦታ ላይ ያሰርናት የፌስታል ቁራጭም ወደ ውስጥ ታጠፈች። ክፍት ቦታው ፊቱን ያዞረው ከሰሜን፣ ከሜዳው በኩል ወደ ተራራው ወደሚነሳው የቀን ነፋስ ነበር፤ ስለዚህ ሙቅ አየር ይወጣበታል የተባለው መንገድ ራሱ መግቢያ ሆኖ ነበር።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የሙቀቱንና የነፋሱን ግፊት ጎን ለጎን ማስላት ይበቃል። ከታች ρ የአየሩ ጥግግት፣ g የመሬት ስበት፣ h በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው ከፍታ፣ ΔT በክፍሉና በውጭው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት፣ T በኬልቪን የሚለካው የአየር ሙቀት፣ v የነፋሱ ፍጥነት፣ ΔCp ደግሞ የነፋስ ግፊት ልዩነት መለኪያ ነው።

```
ΔP(ሙቀት) = ρ · g · h · ΔT / T
ΔP(ነፋስ) = 0.5 · ρ · v² · ΔCp
```

በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው ከፍታ 3 ሜትር፣ ክፍሉም ከውጭው በ3 ዲግሪ የሚሞቅ ቢሆን፣ ሙቀቱ የሚፈጥረው ግፊት 0.3 ፓስካል ገደማ ነው። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለውን የነፋስ ግፊት ልዩነት መለኪያ 0.5 ብለን ብንወስድ፣ በሰከንድ 2 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 1 ፓስካል ያህል ይሰጣል፤ ይህም ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ነፋሱ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ሲሆን ነው፤ ይህ ደግሞ ፊት ላይ በቅጡ የማይሰማ ነፋስ ነው። እንዲህ ያለ ለስላሳ ነፋስ በተቃራኒ አቅጣጫ ከመጣ ሙቅ አየሩን ባለበት ያቆመዋል፤ ጠንከር ሲል ደግሞ ይመልሰዋል። ብዙ ጊዜ ጣሪያ ላይ ቀዳዳ ማበጀት ብቻውን እንደ መፍትሔ ሲቀርብ እሰማለሁ፤ ነገር ግን ቀዳዳው ወዴት እንደዞረ ሳይታወቅ መጠኑን ማስፋት ችግሩን ከማባባስ ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ከዚህ በኋላ ያሰላሁት ሙቅ አየር ብቻውን ምን ያህል እንደሚያገለግል ነው። ክፍሉ 7 በ8 ሜትር ሲሆን 50 ተማሪዎችን ይይዛል፤ አንድ ተማሪ አየሩን የሚያሞቅበትን 60 ዋት ብንል በድምሩ 3 ኪሎዋት ይሆናል። የከተማዋ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው በባሕር ጠረፍ እንደሚታሰበው 1.2 ሳይሆን ወደ 1 ኪሎግራም ነው፣ የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። ከታችም ከላይም 2 ካሬ ሜትር ንጹሕ ክፍተት ቢኖርና ነፋስ ባይኖር፣ ክፍሉ ከውጭው በ4 ዲግሪ ያህል ሞቆ ይረጋጋል። ውጭው 25 ዲግሪ በሆነበት ጠዋት ይህ ችግር አይፈጥርም። ውጭው 34 ሲሆን ግን 38 ማለት ነው፤ ይህም ለማንም ልጅ የሚሆን አይደለም። እንደ ዕድል ሆኖ በዚያ ቦታ ነፋሱ የሚበረታው በጣም በሚሞቅበት የከሰዓት ክፍለ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሥራውን ከፈልነው፤ ጠዋት ሙቅ አየሩ ራሱን እንዲያወጣ፣ ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ እንዲረከበው አደረግን።

የነፋሱን መንገድ ለመክፈት በሁለቱም ረዣዥም ግድግዳዎች ላይ ለየብቻ 4 ካሬ ሜትር ያህል መስኮት አደረግን፤ በሰከንድ 2 ሜትር ነፋስ ሲኖር ይህ የክፍሉን ተጨማሪ ሙቀት ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ያወርደዋል። በሜዳው በኩል ያለውን መግቢያ ዝቅ አድርገን መካከሉን ከወለሉ 90 ሳንቲሜትር ላይ አኖርነው፤ ምክንያቱም አየሩ ክፍሉን ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን በተቀመጠ ልጅ ሰውነት ላይ ማለፍ አለበት፤ ላብ የሚደርቀውም፣ ሙቀቱ የሚቀለውም በዚያ ነው። እዚህ ላይ ስሌት የማያሳየው ነገር መጣ። ነፋሱ የደብተር ገጽ ስለሚገልጥ መምህራን መስኮቱን ጨርሰው ይዘጉታል። ስለዚህ መግቢያውን በሁለት ረድፍ ከፍለን የታችኛውን ከጠረጴዛው ወለል በታች፣ የላይኛውን ደግሞ እንደፈለጉ የሚያጋድሉት ሉቨር አደረግነው።

የላይኛው መውጫ ጉዳይ ይበልጥ አሳስቦኝ ነበር። በቀላሉ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሬ መተው እችል ነበር፤ ሆኖም በተራራ ግርጌ ነፋሱ ሌሊት አቅጣጫውን ይቀይራል፣ ግድግዳው ሊቀዘቅዝ የሚገባውም ሌሊት ነው። ከሁለቱም በኩል የሚሠራ መውጫ ለማግኘት በክፍት ቦታው ፊት ለፊት፣ የክፍቱን ቁመት ያህል ርቀት ላይ፣ ከላይና ከታች ክፍት የሆነ ላሜራ እንደ መጋረጃ አቆምን። ከዚያ ወገን የሚመጣ ነፋስ ላሜራውን መትቶ በላዩ ሲያልፍ ከኋላው ያለውን አየር ይስባል እንጂ ወደ ክፍሉ አይገፋም። ዝናቡንም ይከላከላል። ርቀቱ ከጠበበ ግን ላሜራው ራሱ መውጫውን ስለሚያንቅ ብረት ሠራተኛው መጠኑን እንዳያሳጥር በቦታው ቆሜ አስለክቻለሁ።

ቆርቆሮው በጸሐይ ሲግል ሙቀቱን ወደ ታች በጨረር ይልካል፤ ይህን የአየር ዝውውር ብቻውን አያስቀርም። አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ በ2001 በቡርኪና ፋሶ፣ በጋንዶ መንደር በሠራው ትምህርት ቤት ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ ላይ በብረት አንሥቶ በመካከላቸው ነፋስ እንዲያልፍ አድርጎ ነበር። እኛም በአነስተኛ ወጪ ያንኑ መርህ ተከትለን በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል በሁለቱም ጫፍ የተከፈተ ክፍተት ተውን።

ብሎኩ ከተጠናቀቀ በኋላ ዕጣኑን እንደገና ስናጨስ ጢሱ ጠዋትም ከሰዓትም በላይኛው መውጫ ወጣ። ነፋስም ሆነ ዝናብ በሌለበት ጭልም ያለ ቀን ግን ክፍሉ አሁንም ይከብዳል፤ ለዚያ ያለኝ መልስ የተማሪውን ቁጥር መቀነስ ወይም የጠዋት ፈረቃን መጠቀም ብቻ ነው። ሌላው የወንፊቱ ጉዳይ ነው። ለትንኝ ተብሎ የሚገጠም ወንፊት ንጹሕ ክፍተቱን በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ መክፈቻዎቹን ስናሰላ ከመጀመሪያው አስፍተናቸዋል፤ የሜዳው አቧራ ሲደፍነው ግን ያ ትርፍ ያልቃል። በመሆኑም ወንፊቱ በብሎን ሳይሆን ያለ መሣሪያ በሚነቀል ፍሬም ላይ እንዲሆን አደረግን፤ የጥበቃ ሠራተኛውም በውኃ ያጥበዋል። መታጠብ ያለበት መቼ እንደሆነ የምትነግረውም በአዲሱ መውጫ ላይ ያሰርናት የፌስታል ቁራጭ ናት፤ ነፋስ እያለ ወደ ውጭ መንቀሳቀሷን ካቆመች ወንፊቱ ተደፍኗል ማለት ነው።