የሰሚት አራተኛ ፎቅ ወይስ የአራብሳ ሁለተኛ? ኪራይ ያወዳደርኩበት መንገድ

በ2017 ዓ.ም. እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ስንፈልግ ስልካችን በደላላ መልእክት ተጥለቀለቀ። «ባለ ሁለት መኝታ፣ ሰሚት፣ 18 ሺህ»። «ገርጂ፣ ውሃና መብራት ጨምሮ፣ 14 ሺህ»። «አራብሳ፣ 13 ሺህ፣ ዛሬ ካልወሰዳችሁ ያመልጣል»። የትኛው እንደሚረክስ ከዚህ አይታወቅም። አንዱ ሰፊ ነው፣ አንዱ ቅርብ ነው፣ አንዱ ደግሞ መብራቱን ጨምሯል። ደብተር አወጣሁና አንድ ደንብ አወጣሁ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ የሚለያያቸውን ሁለት ቤቶች ላወዳድር። ሰፈሩም ስፋቱም አንድ ሆኖ ፎቁ ብቻ ሲለያይ የፎቁን ዋጋ አገኛለሁ። ፎቁና ስፋቱ አንድ ሆኖ ሰፈሩ ሲለያይ ደግሞ የሰፈሩን።

ከዚያ በፊት ግን ዋጋው ራሱ እውነተኛ መሆን አለበት። ቴሌግራም ላይ አንድ ቤት በሦስት ደላላ፣ በሦስት ዋጋ አይቻለሁ። አንድ ቤት መሆኑን ያወቅኩት ፎቶው ላይ ባለው አበባማ መጋረጃ ነው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ደላላ የጠራውን ሳይሆን እዚያው ብሎክ ላይ ያለ ተከራይ የሚከፍለውን ነው። ደረጃ ላይ ላገኘሁት ሰው ሰላምታ ሰጥቼ «ቤት ልንከራይ ነው፣ እዚህ ስንት ነው የሚሄደው?» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ይናገራል። እንዲያውም ስለ ውሃው ሳይጠየቅ ያማርራል፣ እሱም ይጠቅማል።

ስፋትንም ቢሆን በደላላ ቃል አልወሰድኩም። «60 ካሬ ነው» የተባለልኝን የሰሚት ቤት የለካሁት በወለሉ ሴራሚክ ነው። አንዱ ሴራሚክ 40 በ40 ሴንቲ ነበር። ሳሎኑ በአንድ በኩል ዘጠኝ፣ በሌላው አሥራ አንድ ሴራሚክ ይዟል። ይህ 3.6 ሜትር በ4.4 ሜትር ነው፣ ወደ 16 ካሬ ገደማ። ክፍሎቹን፣ ማዕድ ቤቱንና መታጠቢያውን እንዲሁ ቆጥሬ ስደምር 52 ካሬ መጣ። 60 ካሬ የለም። 18,000ን ለ52 ሳካፍል ካሬው 346 ብር ሆነ። የገርጂው ግቢ ውስጥ ያለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ግን 28 ካሬ ነው፣ ካሬው 500 ብር። ትንሽ ቤት በጥቅሉ ይረክሳል፣ በካሬ ሲሰላ ግን ይወደዳል።

አሁን ፎቅ። ሰሚት አንድ ብሎክ ላይ ስፋታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቤቶች አገኘን። ሁለተኛ ፎቅ 20,000፣ አራተኛ ፎቅ 18,000። ሊፍት የለም። የ2,000 ብር ልዩነቱ የደረጃ ድካም ብቻ ይመስላል። ዋናው ጉዳይ ግን ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ግፊቱ ሲደክም ታችኛው ፎቅ ይሞላል፣ አራተኛው ፎቅ ቧንቧው ፉጨት ብቻ ያሰማል። ይህን ለማወቅ ደላላ መጠየቅ አያስፈልግም። ኮሪደሩ ላይ የተደረደረውን ቢጫ ጀሪካንና በርሜል ማየት ይበቃል። ሁለተኛ ፎቅ በር ላይ አንድ በርሜል ነበር። አራተኛው ላይ ግን ለመሄጃ እንኳ ቦታ አልነበረም።

የአራተኛ ፎቅ ጎረቤት እንደነገረችን በሳምንት ሦስት ቀን ያህል ውሃ አይደርሳቸውም። አንድ ጀሪካን ለሚያወጣላቸው ልጅ 20 ብር ይከፍላሉ። እኛ ከሕፃን ልጅ ጋር በቀን አራት ጀሪካን እንፈልጋለን። በሳምንት 240 ብር፣ በወር ከ1,000 ብር ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ስለዚህ የ2,000 ብር ቅናሹ ወደ 970 ብር ወረደ። አራተኛው የመጨረሻ ፎቅ ስለሆነ በላዩ ቆርቆሮ ነው፣ ክረምት ሲዘንብ ቴሌቪዥን አይሰማም። (ግራውንድ ይሻላል ለሚሉ፦ ማንሆል ሲሞላ መጀመሪያ የሚገነፍለው ማን በር ላይ እንደሆነ ይጠይቁ።)

ሰፈርን ለማወዳደር አራብሳ ሁለተኛ ፎቅ ላይ 52 ካሬ ገደማ የሆነ ቤት አየን፣ 13,000 ብር። ከሰሚቱ ሁለተኛ ፎቅ በ7,000 ይረክሳል። ባለቤቴ መገናኛ፣ እኔ ካዛንቺስ ነው የምንሠራው። ከሰሚት የሁለታችን ደርሶ መልስ ታክሲ በቀን 100 ብር ነበር፣ ከአራብሳ 180። በ22 የሥራ ቀን ልዩነቱ 1,760 ብር ነው። አራብሳ ይህን ሁሉ ከፍሎም ከ5,000 ብር በላይ ያተርፋል። እዚህ ላይ ሒሳቡ ያሸንፋል፣ ልክ ነው። ግን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መገናኛ ሰልፍ ላይ ቆመን ሞከርነው። ታክሲ እስክናገኝ ሰልፉ አልቀነሰም፣ ልጃችንን የምትጠብቀው ሴት ደግሞ አንድ ሰዓት ላይ መሄድ አለባት። ለእኛ አራብሳ የቀረው በዚህ ነው። ሥራው አያት አካባቢ የሆነ ሰው ተቃራኒውን ቢወስን አይፈረድበትም።

የገርጂው «ውሃና መብራት ጨምሮ» በጣም ያጓጓ ነበር። አከራይዋ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቡና አፍልተው ነው ያነጋገሩን። መጨረሻ ላይ «ልጆቼ፣ ምጣድ ግን አይቻልም» አሉን። ምክንያታቸው ገባኝ። የእንጀራ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ ግቢው ውስጥ ያለው ቆጣሪ ደግሞ አንድ ነው። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በውዱ ዋጋ ይቆጠርበታል። ስለዚህ ተጨምሯል የሚባል መብራት ገደብ አለው። ምጣድ፣ ካውያ፣ የውሃ ማሞቂያ አንድ በአንድ ጠይቁ። ኮንዶሚኒየም ላይ በራሳችን ቆጣሪ ለመብራትና ለውሃ በወር 700 ብር ያህል ገምተናል። ገርጂ ብንገባ 700ውን እናተርፍና እንጀራ እየገዛን በእኛ ቤት ስሌት 1,500 ተጨማሪ እናወጣለን። በኪራዩ አሁንም ይረክሳል፣ ግን 28 ካሬ ስለሆነ ተውነው።

ኪራዩን፣ ታክሲውን፣ መብራትና ውሃውን፣ ለአራተኛው ደግሞ ጀሪካኑን ደምረን የሰሚት ሁለተኛ ፎቅ ከጥበቃና ጽዳት መዋጮው ጋር 23,200፣ አራተኛው 22,230 ሆነ። ለ970 ብር ብለን ጀሪካን አንጠብቅም ተባባልን፣ ሁለተኛውን ያዝን።

አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። በአክብሮት ነገርኳቸው፣ ትንሽ አኩርፈው ተስማሙ። ይህም የማወዳደሩ አካል ነው። በጽሑፍ ውል ያልታሰረ 18,000 ከስድስት ወር በኋላ ስንት እንደሚሆን አይታወቅም፣ ከታሰረ 20,000 ጋር አይነጻጸርም። ውሉን ወረዳ ወስደን አስመዘገብን። የጥበቃውን መዋጮ ማን እንደሚከፍልም እዚያው ውል ላይ አስጻፍኩ፣ የብሎኩ ኮሚቴ በወሩ መጨረሻ በር ሲያንኳኳ እንዳንጨቃጨቅ።