መደርደሪያው ሞልቶ ካዝናው የጎደለበት ሱቅ

በአዳማ ከተማ የጭነት መኪና መለዋወጫ በሚሸጥ አንድ ሱቅ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ የቆየ ደንበኛችን የሆነ አንድ የጭነት ማመላለሻ ባለቤት ለአይሱዙ መኪናዎቹ የዘይት ፊልትሮ ሊገዛ መጥቶ አንድም ሳያገኝ ተመለሰ። ፊልትሮ የሱቃችን እንጀራ ነው፤ ከባንኮኒው ኋላ ሁልጊዜ መታየት ያለበት ዕቃ ቢኖር እርሱ ነው። ባለቤቱ ያን ዕለት ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሊያስጭን ቢፈልግም በባንክ ያለው ገንዘብ ለደመወዝና ለኪራይ ብቻ የሚበቃ በመሆኑ፣ የዕቁብ ዕጣው እስኪወጣለት ድረስ ለመጠበቅ ተገደደ። ሽያጩ በዚያ ወር አልቀነሰም ነበር፤ የወሩ ሒሳብም ትርፍ ያሳያል። እርሱም «ትርፉ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀኝ።

መልሱ ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሥራውን የሚዘጋ አንድ ነጋዴ ዕቃውን በጅምላ ሲሸጥ ባለቤታችን በርካሽ አገኘሁ ብሎ ጠቅልሎ ገዝቶት ነበር፤ ከዕቃው የሚበዛው ግን በተለምዶ «ኤንትሬ» የሚባለው የድሮው የፊያት ጭነት መኪና ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖና ጉዋርኒሲዮን ነው። ኤንትሬ ዛሬም አልፎ አልፎ በመንገድ ላይ ይታያል፤ ነገር ግን በአዳማ በኩል የሚያልፈው ጭነት በአብዛኛው በሌሎች መኪናዎች ላይ ነው። ከንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ጋር ሆነን የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ እያነሣን የመጨረሻው ሽያጭ የተመዘገበበትን ቀን ብቻ በወረቀት ላይ ገለበጥን። ከካርዶቹ አንዱ፣ የአንድ ፍሪሲዮን ካርድ፣ ዕቃው ከገባበት ቀን በኋላ ምንም አልተጻፈበትም፤ ከታች ያሉት መስመሮች ሁሉ ንጹሕ ነበሩ። ቆጠራውን ስንጨርስ በመጋዘኑ ካለው ዕቃ በግዢ ዋጋው ከሲሶ በላይ የሚሆነው ስድስት ወር ሙሉ አንድ እንኳ ያልተሸጠበት ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡ ጠፍቶ አይደለም፤ ከሱቁ ሳይወጣ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል።

ባለቤቱ ይህን ስነግረው የሰጠኝ መልስ ቀላል አልነበረም፤ እንዲያውም ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ ጠንካራው ነው ብዬ አምናለሁ። «ብር ይዞ መቀመጥ ሞኝነት ነው፤ ባለፈው ሐምሌ ያየነውን ረሳኸው?» አለኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ዕቃ የያዘ ነጋዴም ዋጋውን በዚያው ልክ ከፍ አድርጎ ተጠቅሟል። እኔ የተቃወምኩት ዕቃ መያዝን ሳይሆን የትኛውን ዕቃ እንደሚይዝ ነበር። ዋጋው የጨመረው የሚፈለገው ዕቃ ነው፤ የኤንትሬ ፍሪሲዮን በወረቀት ላይ ዋጋው እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚገዛው ሰው እስካልመጣ ድረስ ጭማሪው የእኛ አይደለም።

ነገሩን በቁጥር አስቀመጥኩለት። የአይሱዙ የዘይት ፊልትሮ በ500 ብር ገዝተን በ600 ብር እንሸጣለን። በሥራ ቀን በአማካይ 6 ስለምንሸጥ፣ በወር ከ150 በላይ ይወጣል፤ ይህም ወደ 15,000 ብር ያልተጣራ ትርፍ ነው። ይህን ሽያጭ ያለማቋረጥ ለማካሄድ በአማካይ በመደርደሪያ ላይ ታስሮ የሚቆየው ገንዘብ፣ ከታች እንደማሳየው፣ ከ33,000 ብር አይበልጥም። ያው 33,000 ብር በፍሪሲዮን ላይ ሁለት ዓመት ተቀምጦ፣ ዋጋው እጥፍ ሆኖ፣ በመጨረሻም ገዢ ቢያገኝ የሚያስገባው ትርፍ ፊልትሮው በሁለት ወር ከጥቂት ቀናት ውስጥ ከሚያስገባው ጋር እኩል ነው። እርግጥ ነው፣ ፊልትሮ ላይ ገንዘብ መጨመር ሽያጩን ማለቂያ በሌለው ሁኔታ አያሳድግም፤ በቀን 6 የሚፈልግ ገበያ 600 ቢቀርብለትም የሚወስደው 6 ነው። ስለዚህ ጥያቄው የእያንዳንዱን ዕቃ ልክ ማወቅ ነበር፤ ልኩን የምንወስነውም ዳግም የምናዝዝበትን መጠን፣ ማለትም ዕቃው ስንት ሲቀር እንደምናዝዝ፣ በማስላት ነው።

ስሌቱ ሦስት ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ በቀን ስንት እንደሚሸጥ፣ ካዘዝን በኋላ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ሁለቱም ከተለመደው ቢከፉ የሚይዘን መጠባበቂያ። ሦስተኛው ላይ ሰው ሁሉ በግምት ይሄዳል፤ ለዚህም ነው ብዙ ሱቆች የማዘዣ መጠን አለን እያሉ ዕቃ የሚያልቅባቸው። ሶማሌ ተራ ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ባለቤታችን «ዛሬ አዝዤ ነገ አገኘዋለሁ» ይል ነበር። የቀድሞ ደረሰኞችን ከዕቃ መረከቢያ ሰነዶች ጋር ሳመሳክር ግን ከትእዛዝ እስከ ርክክብ በተለምዶ 4 የሥራ ቀን፣ አስመጪው ዕቃ ሲያጥረው ወይም ጭነቱ ሌላ ዕቃ እስኪሟላ ሲጠብቅ ደግሞ 6 ቀን እንደሚወስድ አገኘሁ። ሽያጩም በአማካይ 6 ይሁን እንጂ በደራ ቀን እስከ 9 ይደርሳል። በተለመደው ሁኔታ በመጠበቂያው ጊዜ የሚሸጠው 6 በ4 ሲባዛ 24 ነው፤ ክፉ ቀን ከክፉ ቀን ጋር ቢገጥም 9 በ6 ሲባዛ 54 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው 30 መጠባበቂያችን ነው፤ ዳግም የምናዝዝበት መጠንም 54 ሆነ። ፊልትሮው 54 ሲቀር የሁለት ሳምንት ሽያጭ የሆነውን 72 እናዝዛለን። ዕቃው በተለምዶ ሲደርስ 30 የቀረውን 102 ያደርሰዋል፤ ከዚያ እንደገና ወደ 30 እስኪወርድ ድረስ በአማካይ 66 ይቆያል፤ በ500 ብር ሲባዛ ከላይ ያልኩት 33,000 ብር ይሆናል።

በመጀመሪያው ወር የተፈጠረው ስህተት ከስሌቱ የመጣ አልነበረም። ካርዱ ላይ ያለው ቀሪ 54 ሲደርስ ታዘዘ፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላው የሽያጭ ሠራተኛ 48 መቅረቱን አይቶ ከማዘዣ መጠኑ በታች ነው በማለት ዳግመኛ አዘዘ። 144 ፊልትሮ በአንድ ጊዜ ደረሰ፤ ገንዘቡም ሊለቀቅ ከነበረበት መደርደሪያ ላይ ተመልሶ ታሰረ። ከዚያ በኋላ በካርዱ ላይ «ታዝዞ ያልደረሰ» የሚል አምድ ጨመርን፤ ከማዘዣ መጠኑ ጋር የሚነጻጸረውም በእጅ ያለውና በመንገድ ያለው ተደምሮ ነው።

ሌላው ችግር ካርዱ ራሱ ነበር። መካኒኮች በዱቤ የሚወስዱት ዕቃ አንዳንድ ጊዜ ማምሻውን ስለሚመዘገብ ካርዱ 60 እያለ በመደርደሪያው ላይ 51 ሊኖር ይችላል። ለዚህ መላ ያገኘችው የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ናት። የመጨረሻዎቹን 54 ፊልትሮ በአንድ ካርቶን ከትታ በቢጫ ፕላስተር አሸገችና በላዩ ላይ «ሳይታዘዝ አይከፈት» ብላ ጻፈችበት። ከፊት ያለው ሲያልቅ ካርቶኑን የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ ትእዛዙን ይጽፋል፤ ዕቃው ሲደርስ ካርቶኑ ዳግመኛ በ54 ሞልቶ ይታሸጋል። ለአሥራ ምናምን ፈጣን ዕቃዎች ይህን ስናደርግ ካርዱ ቢዘገይም ትእዛዙ አይዘገይም። በኮምፒውተር የሚሠራ ሥርዓት መግዛት ጉዳይ ተነሥቶ ነበር፤ እኔ ግን ሰዎች ዕቃ ሲያወጡ ካልመዘገቡ ኮምፒውተሩም ያንኑ የተሳሳተ ቁጥር በሚያምር መልክ ከማሳየት አያልፍም ባይ ነኝ።

የማይንቀሳቀሱት ዕቃዎች የማዘዣ መጠን ዜሮ ተደረገላቸው። ይህ ማለት አንድ ሲሸጥ አይተካም፤ ደንበኛ ከመጣ ቀብድ ከፍሎ በስሙ ይታዘዝለታል ማለት ነው። በመካከል ያሉት፣ በወር አንድ ሁለት የሚሸጡት፣ አንድ ብቻ በመደርደሪያ እንዲኖራቸው ተወሰነ። ይህ ሁሉ ግን አዲስ ገንዘብ እንዳይታሰር ይከለክላል እንጂ የታሰረውን አይፈታም፤ ለርሱ የግድ መሸጥ ያስፈልግ ነበር።

ባለቤቱን ለማሳመን የከበደኝም ይኼ ነው። «ከገዛሁበት በታች አልሸጥም» ይል ነበር። የተከፈለው ገንዘብ ተከፍሏል፤ ዕቃው ቢሸጥም ባይሸጥም አይመለስም፤ የሚነጻጸረው ዛሬ የሚያስገኘው ብርና ያ ብር በፊልትሮና በፍሬን ሸራ ላይ ውሎ የሚያመጣው ነው። በመጨረሻ የተስማማው በሙከራ ነበር። ከፍሪሲዮኖቹ የተወሰኑትን ወደ ሶማሌ ተራ ወስዶ ለአንድ ጅምላ ሻጭ ከግዢ ዋጋው ዝቅ ባለ ሒሳብ ሰጠና በምትኩ በጥሬ ገንዘብ ፋንታ የአይሱዙ ዕቃ ተቀበለ። ጉዋርኒሲዮኖቹን እዚሁ ከተማ ያሉ ጋራዦች በጥቅል ገዙ። የሞተሪኖዎቹ ጉዳይ ግን እስካሁን አላለቀም፤ ከአርሲ በኩል ኤንትሬ ያላቸው ገበሬዎች በመኸር ወቅት ይጠይቃሉ ስለሚል ሁለቱን አስቀርቷቸዋል። ይህን አልተቃወምኩም፤ ካርዱ ላይም በየኅዳር ወሩ አንድ ሽያጭ ስለሚታይ ምክንያት አለው። ያስቀመጥነው ገደብ አንድ ብቻ ነው፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካልተሸጡ ከቀሩት ጋር ይወጣሉ።

የማዘዣ መጠኖቹን በየሦስት ወሩ እንከልሳለን፤ ክረምት ሲገባ የመስታወት ዝናብ መጥረጊያ ይጨምራል፣ መስከረም ሲጠባ ይቀነሳል። ባለፈው ክለሳ የዘይት ፊልትሮው ከ54 ወደ 63 ከፍ ተደርጓል፤ ሽያጩ ስላደገ ሳይሆን አስመጪው ዕቃ በሚያጥረው ጊዜ የምንጠብቀው 6 ቀን ወደ 7 ስለተራዘመ ነው። ካርቶኑም በትልቅ ተቀይሯል።