አንዱ ዱዓ ለሁሉም ሲለጠፍ

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ የትርጉም ቢሮ ነው። ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመውን ከዋናው ጋር እያመሳከርኩ አርማለሁ። አብዛኛው ሥራችን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሕክምና ማስረጃ ነው። አልፎ አልፎ ግን ልብ የሚያሞቅ ነገር ይመጣል። አንድ ጊዜ የመጣው የወሎ ሸኽ በዐረብኛ የጻፉት ትንሽ መጽሐፍ ነበር። ርእሰ ጉዳዩ የሐበሻ ስደት ነው፤ በፈረንጆቹ 615 ገደማ የነብዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ወጥተው የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ዘንድ የተጠጉበት ታሪክ። እዚህ አሜሪካ ተወልደው ዐረብኛም አማርኛም ለማያነቡ ልጆች ተብሎ ነው ወደ እንግሊዝኛ እንዲመለስ የታዘዘው።

ተርጓሚው ሥራውን በደንብ ሠርቶታል። ከእሱ በኋላ ፋይሉ እንግሊዝኛውን ለምታቃናው ባልደረባችን ሄደ። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ዐረብኛ ግን አታውቅም። ከየስሙ ኋላ የሚመጣው ምርቃት ንባቡን አጓተተባት። የማስረከቢያው ቀንም ደርሶ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ «ፈልግና ተካ» የሚለውን ከፈተችና ምርቃቱን ሁሉ፣ ረጅሙንም አጭሩንም፣ በአንድ ምሕጻር ቀየረችው፤ ፒ.ቢ.ዩ.ኤች። «በእሱ ላይ ሰላም ይሁን» ማለት ነው።

ፋይሉ እኔ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ኡሙ ሰለማ ላይ ነው። የነብዩ ባለቤት የነበሩት፣ የሐበሻውን ታሪክ በስፋት ያስተላለፉልን ሴት። ከስማቸው ኋላ «በእሱ ላይ ሰላም ይሁን» ተጽፎላቸዋል። ይሄ ማንም የሚያየው ስሕተት ነው። የበለጠ የሚያስፈራው የማይታየው ነው። ስለዚህ ልጅቷን ጠርቼ አንዷን ዐረፍተ ነገር አብረን ፈታናት።

ዋናው ዐረብኛ በአማርኛ ሲቀመጥ እንዲህ ይላል፦ «ሸኻችን፣ አላህ ይጠብቃቸውና፣ ከመምህራቸው፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሰምተው እንዳስተላለፉልን፣ ኡሙ ሰለማ፣ አላህ ሥራቸውን ይውደድላቸውና፣ እንዲህ ብለዋል።» ሦስት ሰው፣ ሦስት የተለያየ ዱዓ። የመጀመሪያው «ሐፊዘሁላህ» ነው። በልማድ በሕይወት ላለ ሰው ነው የሚባለው። ሁለተኛው «ረሒመሁላህ» ነው፤ ሰውየው ማለፋቸውን ይነግረናል። ሦስተኛው «ረዲየላሁ ዐንሃ» ነው። ይሄ በልማድ የሰሓባ፣ ማለትም ነብዩን በእምነት ያገኙ ሰዎች ምርቃት ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ሃ» ደግሞ ሴት መሆናቸውን ትናገራለች። ዐረብኛ አንባቢ በዚያች አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን እንዳለፈ፣ ማን ከነብዩ ጋር እንደኖረ ያውቃል። ሦስቱንም በአንድ ምሕጻር ስንተካ ሦስቱ ሰዎች አንድ ሆኑ።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ይሄ አይጠፋንም። «አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ ይል ነበር» ስንል አባታችን ማረፉን ነገርን፤ ጸሎቱንም አደረስን። ሁለቱም በአንድ አፍ ይወጣሉ።

ችግሩ እንግሊዝኛው ላይ ነው። ለ«ረሒመሁላህ» ብዙ ተርጓሚ «ሟቹ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ያስገባል። መሞቱን ይናገራል፤ ዱዓው ግን ጠፋ። ቃል በቃል «እግዚአብሔር ምሕረት ያድርግለት» ስንለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ዳኛው የሞት ፍርድ ሲያነብ የሚዘጋው «ጌታ ለነፍስህ ምሕረት ያድርግ» ብሎ ነበር። የእንግሊዝኛ አንባቢ ጆሮ ውስጥ ያ ቀርቷል። «ሰውየው ምን አድርጎ ነው ምሕረት የተለመነለት?» ያሰኛል። እኛ የያዝነው መካከለኛውን ነው፤ «ጎድ ረስት ሂም»፣ አላህ ያሳርፈው እንደማለት። ምሕረት የሚለውን ቃል በቀጥታ አይዝም፤ ይሄ ጉድለቱ ነው። ግን ሞትንም ጸሎትንም በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ለእንግሊዝኛ አንባቢም የወዳጅ ቃል ነው። ለ«ሐፊዘሁላህ» «ጎድ ኪፕ ሂም» አልን።

«ረዲየላሁ ዐንሁ» ላይ ቆይተን ተወያየን። ግሱ ሲታይ ያለፈ ጊዜ ነው፤ «አላህ ወደደለት»። አንዳንድ ተርጓሚ በዚህ ተታሎ እንደ ዜና ይጽፈዋል። ዐረብኛ ግን ዱዓን በኃላፊ ጊዜ ግስ ይላል፤ መልኩ ዜና፣ ፍቺው ልመና ነው። ስለዚህ ከስም ኋላ ሲመጣ «ሜይ» ተብሎ ይጀምራል፤ «ሜይ ጎድ ቢ ፕሊዝድ ዊዝ ሂም»። ይሁንና ያው ግስ ቁርኣን ውስጥ፣ በዘጠነኛው ምዕራፍ 100ኛው አንቀጽ፣ አላህ ቀደምት ስደተኞችንና ረዳቶቻቸውን መውደዱን ለመናገር መጥቷል። እዚያ ልመና አይደለም፤ ቃል ነው። ሸኻችን ይህን አንቀጽ ጠቅሰዋል። ከሁለት መስመር በታች ደግሞ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዱን፣ ጃዕፈር ብን አቢ ጧሊብን፣ ጠርተው መርቀዋል። ላዩ ላይ «ወዷል»፣ ታቹ ላይ «ይውደድ»። ግሱ አንድ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ሁለት መሆን አለበት። «ፈልግና ተካ» ይህን ከየት ያመጣዋል?

የጃዕፈር ልጅ ዐብደላህ ደግሞ እዚያው ሐበሻ ነው የተወለደው። ሸኹ ስሙን ሲያነሱ «ረዲየላሁ ዐንሁማ» ብለዋል። «ማ» የሁለትዮሽ ናት፤ ዱዓው ለልጁም ለአባቱም ነው፣ ሁለቱም ሰሓባ ናቸውና። ትርጉሙ ላይ «በሁለቱም» የሚል ቃል ካልገባ አባትየው ከምርቃቱ ወጣ። ተርጓሚያችን መጀመሪያውኑ አስገብቶት ነበር፤ እኔም መለስኩት።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዐምር ብን አልዐስ ነው። ስደተኞቹን አስረክቡን ሊል ከመካ ነጃሺ ዘንድ ከተላኩት አንዱ እሱ ነው። በዚያን ጊዜ ሙስሊም አልነበረም። ሸኹ ግን በስሙ በተጠራ ቁጥር «ረዲየላሁ ዐንሁ» ይላሉ፤ ምክንያቱም በኋላ ሰልሟል። ልጅቷ ግራ ገባት። «ተቃዋሚያቸው እኮ ነው፣ እንዴት ይመረቃል?» አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። መልሱ ምርቃቱ የተራኪው እንጂ የታሪኩ አይደለም የሚል ነው። የሚመርቁት ሸኹ ናቸው፤ የሚመርቁትም ፍጻሜውን እያወቁ ነው።

ይባስ ብሎ ዐምር ራሱ ሲናገር የነብዩ ስም ይነሳል፤ ከስሙም ኋላ «ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም»፣ አላህ ይባርካቸው ሰላምም ይስጣቸው የሚለው ምርቃት፣ አለ። የጥንቱ ዐረብኛ ጽሑፍ ትእምርተ ጥቅስ ስለሌለው ይሄ ማንንም አያሳስትም። ጸሐፊው የነብዩን ስም ጽፎ ያለ ምርቃት አያልፍም፤ ተናጋሪው ማንም ቢሆን። እንግሊዝኛ ግን ጥቅሱን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ምርቃቱን ውስጥ ከተውነው ገና ያላመነ ሰው ዱዓ ሲያደርግ ይታያል። ስለዚህ ጥቅሱን እዚያ ጋ ዘጋነው፤ ምርቃቱን በሁለት ሰረዝ መሐል ውጭ አስቀመጥነው፤ ቀጥሎ ጥቅሱን ከፈትነው።

የነብዩ ምርቃት ላይ ሸኹን ራሳቸውን ደወልኩላቸው። «ልጄ፣ የሌላውን አንባቢ እንዳይደክም አድርጋችሁ አቅልሉት። የነቢ ግን አይቀነስ» አሉኝ። ለዚህ አቋም የቆየ መሠረት አለው። በ1245 የሞቱት የሐዲስ ሊቅ ኢብን አስሶላሕ ሁለት ጉድለት ከልክለዋል። አንዱ ምርቃቱን በሁለት ፊደል ምልክት ማሳጠር ነው። ሁለተኛው «ወሰለም» የሚለውን ትቶ ሰላትን፣ ማለትም «ሰለላሁ ዐለይሂ» የሚለውን፣ ብቻ መጻፍ ነው። ፒ.ቢ.ዩ.ኤች የመጀመሪያውን ጉድለት እንዳለ ይዞታል። ከሁለተኛው ደግሞ ግልባጩን፤ ሰላሙን ይዞ ሰላቱን ጥሏል። ሙሉው «ሜይ ጎድ ብለስ ሂም ኤንድ ግራንት ሂም ፒስ» ነው። በነገራችን ላይ እኛም በአማርኛ «ሰ.ዐ.ወ» እና «ረ.ዐ» እያልን እንጽፋለን። ብዙ ሰው አንብቦት ሲያልፍ አፉን አያንቀሳቅስም፤ ይሄ ያሳስበኛል።

የተስማማነው እንዲህ ነው። በየምዕራፉ መጀመሪያ የነብዩ ምርቃት በእንግሊዝኛ ሙሉውን ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ﷺ የሚለው ምልክት ይገባል። ይሄ ምሕጻር አይደለም፤ ሙሉው ዐረብኛ ሐረግ በአንዲት ምልክት ውስጥ ተጽፏል። በዩኒኮድ ቁጥሩ U+FDFA ነው። ግን ፊደሉ የሌለው ፎንት ባዶ ሳጥን ያወጣል፤ በትንሽ መጠን ሲታተምም ሰረዙ ተደባልቆ ጥቁር ነጥብ ይመስላል። ስለዚህ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት በወረቀት አውጥተን አየነው፤ ምልክቷን ብቻ ከጽሑፉ ከፍ አደረግናት። የሰሓባዎቹ ምርቃት በየምዕራፉ በመጀመሪያ ስማቸው ላይ ሙሉ ሆኖ ገባ። ዋናው ላይ ግን በየስሙ እንዳለ መግቢያው ላይ ተገለጸ። «ሐፊዘሁላህ» የተባለላቸው ሰዎች በሕይወት መኖራቸውን ደግሞ ሕትመቱ ሳይጀመር ከሸኹ አጣራሁ። ጽሑፉ የቆየ ከሆነ ይሄ ዱዓ ቶሎ ያረጃል።

የቀረው ነጃሺ ነበር። የምሕጻሩ እትም «በእሱ ላይ ሰላም ይሁን» ብሎት ነበር። ይሄ በሱኒ ልማድ የነብያት ምርቃት ነው፤ ሺዓዎች ደግሞ ለኢማሞቻቸው ይሉታል። ንጉሡ ሳይታሰብ ነቢይ ሆኖ ቁጭ አለ። ሸኹ የጻፉት «ረዲየላሁ ዐንሁ» ነው። ሊቃውንቱ እዚህ ላይ አንድ አይደሉም፤ ነጃሺ ነብዩን በዓይኑ አላየም። ታሪክ ጸሐፊው ዘሀቢ በአንድ ፊት ሰሓባ፣ በሌላ ፊት ታቢዒ፣ ማለትም የቀጣዩ ትውልድ ሰው ነው ብለውታል። ሲሞት ነብዩ መዲና ሆነው ሰላተል ጀናዛ ሰግደውለታል። ልጅቷ «ታዲያ የቱን እንጻፍ?» አለችኝ። የሸኹን አልኳት፤ ምርጫው የደራሲው ነው፣ የእኛ አይደለም። «ሜይ ጎድ ቢ ፕሊዝድ ዊዝ ሂም» ብላ በእጇ ጻፈችው፤ የዘሀቢንም ቃል ከግርጌ አስገባችው።